አድራሻ ቀይረን ለግብር ቢሮ ሳናሳውቅ የኦዲት ውሳኔ የድሮው በር ላይ ተለጥፎ ቀረ፤ ምን ይሻላል?

መርፌና ክር | ህዳር 13፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ዩኒፎርም የምንሰፋ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለን። 11 ሠራተኛ ነን። ሐምሌ 10 ከሳር ቤት አካባቢ ወደ ጀሞ ተዛወርን። በዚያው ሰሞን አንዱ ባለድርሻ ስለወጣ ስማችንንም ቀየርን። ቃለ ጉባኤው ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ጸደቀ፣ ንግድ ቢሮ ገብቶ ፈቃዱ በአዲሱ ስምና በአዲሱ አድራሻ ወጣ። እኔ በቃ ጨረስን ብዬ ተቀመጥኩ።

ትናንት ደመወዝ ላወጣ ባንክ ሄድኩ። ልጅቷ ኮምፒውተሩን አየችና ፊቷ ተለወጠ። "ሒሳባችሁ በገቢዎች ደብዳቤ ታግዷል" አለችኝ። ቀጥታ ቅርንጫፉ ሄድኩ። ለካ ያለፈው ዓመት ሒሳባችን ኦዲት ተደርጎ ተወስኖብናል። ውሳኔው መስከረም 22 የድሮው ቤት በር ላይ ተለጥፏል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውም እዚያው። የድሮው ቤት ዘበኛ ጋ ደወልኩ፦ "ወረቀት ነበር እህቴ፣ ዝናብ ሲያበሰብሰው አነሳሁት፣ የናንተ መሆኑንም አላወቅሁም፣ ስሙ ሌላ መስሎኝ" አለኝ።

የተጠየቅነው 386 ሺህ ብር ነው። አብዛኛው ትክክል አይደለም፣ የጨርቅ ግዢ ደረሰኞቻችንን ወጪ አልያዙልንም። ግን መቃወሚያ ጊዜው አልፏል ይሉኛል። ደብዳቤውን እኮ ያየሁት ትናንት ነው! ምን ላድርግ?

---

ዘይት ጅምላ | ህዳር 13፣ ከምሽቱ 3፡05

አይዞሽ እህቴ። ንግድ ቢሮ ካስተካከላችሁ ጥፋቱ የናንተ አይደለም። ቲን ቁጥሩ አንድ ነው፣ መንግሥትም አንድ ነው። እነሱው ተጻጽፈው ማወቅ ነበረባቸው።

እኔ ብሆን አንድ 50 ሺህ ከፍዬ እግዱን አስነሳለሁ፣ ቀሪውን በየወሩ እከፍላለሁ ብዬ እፈርማለሁ። ሠራተኛ ያለ ደመወዝ አያድርም። ክርክሩን ቀስ ብለሽ ትደርሺበታለሽ።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ | ህዳር 13፣ ከምሽቱ 3፡22

እኔም ይሄ ደርሶብኛል፣ መልሱ ቀላል ነው። ፎርም 8822-ቢ የሚባል አለ፣ ሞልተሽ በፖስታ ትልኪያለሽ። አራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ፖስታ ቤት ብቻ አድራሻ ብትቀይሪ አይበቃም፣ አይ አር ኤስ ራሱ ማወቅ አለበት። እኔ ለፖስታ ቤት ብቻ ነግሬ የምግብ ቤቴ ደብዳቤ ስምንት ወር የድሮው ቤት ሲጠራቀም ከረመ።

---

መርፌና ክር | ህዳር 13፣ ከምሽቱ 3፡30

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ግን እኛ አዲስ አበባ ነን 🙏

---

ሲልቨር ስፕሪንግ | ህዳር 13፣ ከምሽቱ 3፡34

ይቅርታ እህቴ፣ ስቸኩል ሳር ቤትን ሳላይ አለፍኩ። ነገሩ ግን አንድ ነው። እዚህ አሜሪካም ደብዳቤው በመጨረሻ ወደሚያውቁት አድራሻሽ ከተላከ ደርሶሻል ይባላል፣ አነበብሽው አላነበብሽው።

---

ሒሳብ በደብተር | ህዳር 13፣ ከምሽቱ 4፡10

የኔ እህት፣ በመጀመሪያ ምንም ብር እንዳትከፍዪ። ነገ ጠዋትም ቢሆን። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ዘጠኝ ዓመት እዚያው ገቢዎች ውስጥ ሠርቻለሁ፣ አሁን በግሌ ሒሳብ እይዛለሁ። ያንቺ ዓይነት መዝገብ ብዙ አይቻለሁ።

ነገሩ በታክስ አስተዳደር አዋጁ ነው የሚታየው፣ 983/2008። አዋጁ ስም፣ የሥራ ቦታ አድራሻ፣ ዋና የሥራ ዘርፍ፣ የባንክ ሒሳብ፣ ኢሜይል ሲቀየር በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ሰብሳቢው በጽሑፍ አሳውቅ ይላል። በጽሑፍ የምትለዋን ያዢ። ንግድ ቢሮ መሄድ ይህን አይተካም። ዘይት ጅምላ ያለው ነገር ቢሆን ደስ ባለኝ፣ ግን ንግድ መዝገቡ ላይ የተቀየረ አድራሻ ተራምዶ ግብር ፋይልሽ ውስጥ አይገባም። ሐምሌ 10 ከተዛወራችሁ እስከ ነሐሴ 10 ጊዜ ነበራችሁ።

ቀጥሎ ማድረሱ። ሠራተኞቹ ሄደው የሚቀበል ሰው ካጡ በር ላይ መለጠፍ ይችላሉ፣ አዋጁ ይፈቅድላቸዋል። ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ መቃወሚያው 21 ቀን ነው። አንቺ ካነበብሽበት ቀን አይደለም። መስከረም 22 ከተለጠፈ ጥቅምት 13 አለቀ። ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅም ይቻል ነበር፣ ግን ጥያቄው ራሱ 21 ቀኑ ሳያልቅ መግባት ነበረበት። ስለዚህ "አላየሁም" ብሎ መሟገት አያዋጣም። የሚያዋጣው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሲለጥፉ ያ በር ያንቺ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር ወይ?

አትክፈዪ ያልኩሽም ለዚህ ነው። አዋጁ ውስጥ ብዙ ሰው የማያየው አንድ መስመር አለ። ማስታወቂያውን በሙሉም ሆነ በከፊል ከፈጸምሽ በኋላ "በአግባቡ አልደረሰኝም" ብለሽ መቃወም አትችዪም። 50 ሺህ ከፍለሽ የክፍያ ስምምነት ስትፈርሚ ደርሶኛል ብለሽ ፈረምሽ ማለት ነው። ያለሽ ትልቁ ነገር እዚያ ላይ ያልቃል።

አሁን እስኪ አስታውሺ። ከሐምሌ 10 እስከ መስከረም 22 ባለው ጊዜ ውስጥ ለቅርንጫፉ አንድም ወረቀት አስገብታችሁ ታውቃላችሁ? ስለ ምንም ጉዳይ ይሁን። አዲሱ አድራሻ ያለበት ወረቀት።

---

ዘይት ጅምላ | ህዳር 13፣ ከምሽቱ 4፡25

የከፊል ክፍያውን ነገር አላውቅም ነበር። እኔ አምና እንደዚያ አድርጌ ተገላግያለሁ ብዬ ነው። እርግጥ እኔ ክርክር አልነበረኝም፣ ዕዳዬ ዕዳ ነበር። እህቴ፣ የኔን ተይው፣ ጋሼ ያሉሽን ስሚ።

---

ካፌ ባለቤት | ህዳር 13፣ ከምሽቱ 4፡31

ሳልረብሽ አንድ ልጠይቅ። እኔ እዚያው ሕንጻ ላይ ከምድር ወደ ሁለተኛ ፎቅ ነው የወጣሁት። የቤት ቁጥሩ ብቻ ነው የተቀየረው። ይሄም ይነገራል? ካሽ ማሽኔስ?

---

ሒሳብ በደብተር | ህዳር 13፣ ከምሽቱ 4፡44

ይነገራል። ደብዳቤ የሚያደርሰው ልጅ ምድር ቤት ሄዶ የሚያገኘው የጫማ ቤት ነው። "የሉም" ብሎ ጽፎ ይመለሳል። የፎቅና የክፍል ቁጥር ሳይቀር ጻፍ።

ማሽኑን ደግሞ በራስህ አታንቀሳቅስ። የማሽን ጉዳይ የራሱ ደንብና የራሱ ቅጣት አለው። መጀመሪያ ለግብር ቢሮው ደብዳቤ ጻፍ፣ ፈቃዱን ይዘህ የማሽኑን አገልግሎት ማዕከል ጥራ፣ ባለሙያው መጥቶ ደረሰኙ አናት ላይ የሚታተመውን አድራሻ ይቀይርልህ። ከዚያ አንድ ደረሰኝ አስወጣና አናቱን በዓይንህ አንብብ። ስም፣ ቲን፣ አድራሻ። ተስተካክሏል ብለውህ ሄደው ሳይስተካከል የቀረ አይቻለሁ።

---

መርፌና ክር | ህዳር 13፣ ከምሽቱ 5፡02

ጋሼ!! ማሽን ሲሉ ትዝ አለኝ። እኛም ለማሽኑ ደብዳቤ አስገብተናል! አንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፍተንለት ደረሰኙ ላይ የድሮው ስም ስለወጣ አልቀበልም አለን። ውሉ በአዲሱ ስም ነው፣ ደረሰኙ በአሮጌው፣ ኦዲተር ወጪ አይዝልንም አሉ። ስለዚህ ስምና አድራሻ ይቀየርልን ብለን ጻፍን። ነሐሴ ላይ ነው። ባለሙያውም መጥቶ ቀይሮልናል። ደብዳቤውን ነገ እፈልገዋለሁ። ይሄ ይጠቅማል?

---

ሒሳብ በደብተር | ህዳር 13፣ ከምሽቱ 5፡10

ይጠቅማል ወይ! ቀሪውን ፈልጊው። ያስገባሽው ወረቀት እነሱ ጋ ነው ያለው፣ እኔ የምፈልገው አንቺ ጋ የቀረውን ነው። የመዝገብ ቤቱ ማህተም፣ ገቢ ቁጥርና ቀን አለው ወይ? ቀኑ ከመስከረም 22 በፊት ነው ወይ? ውስጡ አዲሱን አድራሻ በሙሉ ይጠቅሳል ወይስ ጀሞ ብቻ ይላል? እነዚህን አይተሽ ንገሪኝ። አሁን ተኚ።

---

ደብተርና ካልኩሌተር | ህዳር 14፣ ከጠዋቱ 1፡15

እኔ ጀማሪ አካውንታንት ነኝ። ከአድራሻው በላይ እኔን የሚያስጨንቀኝ ኢሜይልና ስልክ ነው። አሁን ያለሁበት ድርጅት ስገባ etax.mor.gov.et ላይ የተመዘገበው ኢሜይልም ስልክም ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቀው አካውንታንት የግል ነበር። ልጁ ቅን ሰው ሆኖ መልእክት ሲመጣለት ይልክልናል። ስልኩን ቢቀይር ወይ ቢጣላን ኖሮ ምንም አናውቅም ነበር። እኔ እንደገባሁ በድርጅቱ ስም አዲስ ኢሜይል ከፍቼ፣ የሥራ አስኪያጁን ስልክ አድርጌ በደብዳቤ አስቀየርኩ።

መርፌና ክር፣ የናንተስ የማን ነው?

---

መርፌና ክር | ህዳር 14፣ ከጠዋቱ 1፡40

ኧረ እህቴ፣ እሱን ሳላይ! የኛ ሒሳብ ሠራተኛ ሰኔ ላይ ነው የለቀቀችው። ልደውልላት።

---

የባህር ዳሩ | ህዳር 14፣ ከጠዋቱ 2፡05

እኛ ጋ እንደዚህ ውጣ ውረድ የለም። እኔ ትንሽ ነጋዴ ነኝ። ሱቅ ስቀይር ቀበሌውም የገቢዎች ልጆችም ያውቁኛል፣ በቃል ነገርኳቸው፣ አለቀ። ግብር የሚሰበስበው ልጅ ሻይ ሲጠጣም ያገኘኛል። ለትንሽ ነጋዴ ይሄ ሁሉ ደብዳቤ ምን ያደርጋል?

---

ሒሳብ በደብተር | ህዳር 14፣ ከጠዋቱ 2፡30

የባህር ዳሩ፣ አንተ የምትተዳደረው በክልልህ አዋጅ ነው፣ እኔ የማወራው ስለ ፌዴራሉ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ያ ልጅ ነገ ወደ ደብረ ታቦር ይዛወራል። የሚተካው ፋይልህን ነው የሚያነበው። ፋይልህ ውስጥ የድሮው ሱቅ ነው ያለው። አንድ ገጽ ጽፈህ ማህተም አስመታበት፣ ግማሽ ቀን ነው።

---

መርፌና ክር | ህዳር 14፣ ከቀኑ 8፡20

አገኘሁት! የማሽኑ ባለሙያ ከሰጠን ወረቀቶች ጋር ታጥፎ ነበር። ነሐሴ 3 ይላል። ሰማያዊ ክብ ማህተም አለው፣ ገቢ ቁጥርም በእጅ ተጽፎበታል። ደብዳቤው የሚለው "ድርጅታችን ስሙን ከዚህ ወደዚህ የቀየረና አድራሻውን ከሳር ቤት ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጀሞ፣ ወረዳው ይሄ፣ የቤት ቁጥሩ ይሄ ያዛወረ ስለሆነ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽናችን እንዲስተካከልልን" ነው። ከጀርባው የኪራይ ውሉና አዲሱ ንግድ ፈቃድ ተያይዟል።

ሒሳብ ሠራተኛዋንም አገኘኋት። ኢሜይሉ የሷ ነው። ፈልጋ አየች፣ ስለ ኦዲቱ ምንም አልመጣላትም። ስለዚህ በር ላይ ብቻ ነው የለጠፉት።

---

ሒሳብ በደብተር | ህዳር 14፣ ከቀኑ 9፡05

እሰይ! ነሐሴ 3 ማለት እኮ 30 ቀኑ ገና ሳያልቅ ነው። አዋጁ ለግብር ሰብሳቢው አሳውቅ ነው የሚለው፣ ለእገሌ ክፍል አይልም። የማሽን ክፍሉ ወረቀቱን ይዞ ፋይሉን ለያዘው ክፍል አለማስተላለፉ የነሱ የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው። ቢያንስ አንቺ እንዲህ ብለሽ ትከራከሪያለሽ።

የማደርገውን ልንገርሽ። ነገ ሄደሽ በጽሑፍ የማድረሻውን ማስረጃ ኮፒ ጠይቂ። በየትኛው ቀን፣ የት በር ላይ፣ እነማን እንደለጠፉት፣ ፎቶ ካለም ፎቶውን። በአፍ የነገሩሽን ቀን አትመኚ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን እይ። ከዚያ አንድ ደብዳቤ ጻፊ። በነሐሴ 3 አዲሱን አድራሻ በጽሑፍ አሳውቀናል፣ ውሳኔው ግን በመስከረም 22 በለቀቅነው ቤት በር ላይ ተለጠፈ፣ ስለዚህ በአግባቡ አልደረሰንም፣ የደረሰን ህዳር 12 ነው በዪ። 21 ቀኑን ከህዳር 12 ቁጠሪ፣ እስከ ታህሳስ 3 ነው። እስከዚያ እንዳትጠብቂ። የኦዲቱን ተቃውሞም በዚያው ሳምንት አስገቢ። የትኛው የጨርቅ ግዢ፣ ስንት ብር፣ የደረሰኝ ቁጥሩ፣ ለምን ወጪ መያዝ እንዳለበት በዝርዝር። "ውሳኔው ትክክል አይደለም" የሚል ጥቅል ተቃውሞ እንዳልቀረበ ነው የሚቆጠረው። ለእግዱም ለብቻው ማመልከቻ ጻፊ፣ የሠራተኛውን የደመወዝ ሰነድ አያይዢ።

አድራሻውንም ስሙንም በድጋሚ ለብቻው በሆነ ደብዳቤ አሳውቂ። የነሐሴውን ጥቀሺበት። ነገ ሌላ ወረቀት ሲወጣ ተመልሶ ሳር ቤት እንዳይሄድ።

---

ደብተርና ካልኩሌተር | ህዳር 14፣ ከምሽቱ 1፡10

ጋሼ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ተቃውሞ ተቀባይነት እንዲኖረው የማትከራከሩበትን ክፍል ታክስ ክፈሉ ይላል እኮ። እሷ ደግሞ "አብዛኛው ትክክል አይደለም" ነው ያለችው፣ ሁሉም አላለችም። ያንን ከከፈለች በከፊል ፈጸመች አይባልም?

---

ሒሳብ በደብተር | ህዳር 14፣ ከምሽቱ 1፡48

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ፣ እኔንም አስቸግሮኛል። እኔ የማደርገው የማድረሱን መቃወሚያ ደብዳቤ አስቀድሜ አስገባለሁ። ማህተሙን ካገኘሁ በኋላ በሌላ ቀን ያልተከራከርኩበትን እከፍላለሁ፣ ደብዳቤው ላይም ክፍያው የማድረሱን ክርክር እንደማይተው እጽፋለሁ። ይሄ ይይዛል ወይ? አንዳንድ ጠበቃ ይይዛል ይላል፣ አንዳንዱ አይ ይላል። 386 ሺህ ብር ላይ ስለሆነ አንድ ጠበቃ ብታማክር ወጪው አይቆጨኝም።

---

ዘይት ጅምላ | ህዳር 14፣ ከምሽቱ 2፡15

ለኔም ጠቀመኝ። ዛሬ መጋዘኔን ፋይል ላይ አየሁት። ሦስት ዓመት በፊት የለቀቅኩት መርካቶ ነው ተመዝግቦ ያለው። 30 ቀኑ ካለፈ ማሳወቅ ትርጉም አለው? ቅጣት ራሴ ላይ እንዳልጠራ።

---

ሒሳብ በደብተር | ህዳር 14፣ ከምሽቱ 2፡31

አሳውቅ። ዘግይቶ ማሳወቅ ቅጣት ሊያመጣ ይችላል፣ አልዋሽህም። ግን ያ ቅጣት አንድ ጊዜ ነው። መርካቶ በር ላይ የሚለጠፍ ውሳኔ ደግሞ 21 ቀን ብቻ ነው የሚጠብቅህ፣ ካለፈ በኋላ የመከራከር መብትህም አብሮ ነው የሚሄደው። መጋዘኑ ቅርንጫፍ ከሆነም ለብቻው ይጻፍ፣ ዋና ቢሮውን ስታስተካክል መጋዘኑ አብሮ አይስተካከልም።

---

መርፌና ክር | ህዳር 21፣ ከምሽቱ 1፡30

የሆነውን ልንገራችሁ።

የማድረሻውን ማስረጃ አየሁት። አንድ ገጽ ፎርም ነው። "ድርጅቱ ስለተዘጋ በሩ ላይ ተለጥፏል" ይላል፣ የሁለት ሠራተኞች ፊርማ አለው። ፎቶም አለ። አረንጓዴው የብረት በራችን ነው፣ የኛ ታፔላ የነበረበት አራት ቀዳዳ እንኳ ይታያል። ታፔላ የለም! ኃላፊዋ ራሷ ፎቶውን አየችና ዝም አለች። የነሐሴውን ደብዳቤ ስሰጣት መዝገብ ቤት ደውላ ገቢ ቁጥሩን አረጋገጠች።

የማድረሱን መቃወሚያም የኦዲቱን ተቃውሞም ተቀብለውኛል፣ ሁለቱም ቀሪ ላይ ማህተም አስመትቻለሁ። ጊዜው አልፏል አላሉም፣ አላለፈምም አላሉም፣ ቅሬታ የሚያየው ክፍል ይወስናል ነው ያሉት። ለደመወዙ የሚሆን ብር ከእግዱ ተለቅቆልናል፣ ሌላው እንደታገደ ነው። ጠበቃው ለጊዜው ምንም እንዳልከፍል መክሮኛል። ቅሬታው ውድቅ ከተደረገ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ግብር ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን መሄድ አለብኝ፣ እዚያ ለመግባት ደግሞ የምከራከርበትን ታክስ ግማሹን ማስያዝ ነው። እሱን ከየት እንደማመጣ ገና አላውቅም።

የድሮው ዘበኛ ጋ ሄጄ ስልኬን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። እሱም ደንግጧል፣ ጥፋት እንዳጠፋ ተሰማው። የአዲሱ ተከራይ ሴትዮም በስማችን ወረቀት ካየች እንድትደውልልኝ ነግሬያታለሁ።

---

ካፌ ባለቤት | ህዳር 21፣ ከምሽቱ 2፡02

እህቴ ይቅናሽ። እኔም ዛሬ የፎቁን ደብዳቤ አስገባሁ። መዝገብ ቤቱ ልጅ "ይሄማ ምን ያስፈልጋል" ብሎኝ ነበር፣ ቀሪው ላይ ማህተም ምታልኝ አልኩት፣ መታልኝ። የማሽኑ ባለሙያ ሐሙስ ይመጣል።

---

ሒሳብ በደብተር | ህዳር 21፣ ከምሽቱ 2፡20

የኔ እህት፣ ያ ፎቶ ኮፒው እጅሽ አለ? ከሌለ ነገ ጠዋት ጠይቂ። አራቱን ቀዳዳ ኮሚሽኑ ሊያየው ይገባል።

---

መርፌና ክር | ህዳር 21፣ ከምሽቱ 2፡26

ኮፒ አልሰጡኝም፣ ያሳዩኝ ብቻ ነው። ነገ በጽሑፍ እጠይቃለሁ።